ገባ ማለት ገጠመ ማለት አይደለም፤ የጠፋን የላፕቶፕ ቻርጀር ስለ መተካት



ከተግባር ልምምድ ስንመለስ የቡድናችን ላፕቶፕ ቻርጀር አውቶቡስ ውስጥ ተረስቶ ቀረ። ላፕቶፑ የስድስታችን ነው። የትምህርት ዕቅዶቻችን፣ የተማሪዎቹ ውጤትና ለመምህራችን የምናስረክበው ሪፖርት ሁሉ በእሱ ውስጥ ብቻ ነበር። ባትሪው አንድ ሰዓት እንኳ የሚያሠራ አልቀረውም፤ ሪፖርቱ ደግሞ በአምስት ቀን ውስጥ ይፈለጋል።

ያን ዕለት ማታ ክብ ጫፍ ያለው ቻርጀር ሁሉ ከየአልጋው ሥር ተለቅሞ ጠረጴዛ ላይ ተከመረ። አንዱ የዲሽ ሪሲቨር ነው፤ ሁለተኛው የአሮጌ ስካነር ነው፤ ሦስተኛው የሌላ ዓይነት ላፕቶፕ ነው። ጓደኛችን አንዱን አንሥቶ ላፕቶፑ ላይ ሰካና «ይሄው ገባ! ገባ እኮ!» አለ። ሌላው ቀበል አድርጎ «ተው እንጂ አንተ ልጅ! መግባቱን ብቻ አይተህ ነው እንዴ ግድግዳው ላይ የምትሰካው?» አለው። እውነትም ሦስቱም ቻርጀሮች ይገቡ ነበር። ሆኖም አንዳቸውም ለላፕቶፑ የሚሆኑ አልነበሩም። ምክንያቱን አንድ በአንድ እንመልከት።

መጠየቅ ያለባቸው ነገሮች ሦስት ናቸው፤ ቅደም ተከተላቸውም ይህ ነው። መጀመሪያ ቮልቱ ስንት ነው? ቀጥሎ ፖዘቲቩ በየት በኩል ነው? በመጨረሻም የጫፉ ልክ ስንት ነው? ብዙዎቻችን ግን ከመጨረሻው እንጀምርና እዚያው እናበቃለን።

ቮልቱ

ላፕቶፑን ስንገለብጠው ከሥሩ የተለጠፈ ወይም የታተመ ጽሑፍ እናገኛለን። በእኛው ላይ 19 ቮልት፣ 3.42 አምፒር ይላል። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል አንድ ቀጥ ያለ መስመር፣ ከሥሩም የተቆራረጠ መስመር አለ። ይህ ምልክት በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ፣ ማለትም ዲሲን ያመለክታል። የምንፈልገው ቻርጀርም የሚያወጣው ይኸንኑ 19 ቮልት መሆን አለበት።

እዚህ ላይ ሁለት መሳሳቻዎች አሉ። የመጀመሪያው በቻርጀሩ ላይ ነው። ቻርጀሩ ላይ ሁለት መስመር ተጽፏል፤ «ኢንፑት» የሚለው ከግድግዳ የሚቀበለው ነው፣ ብዙውን ጊዜም ከ100 እስከ 240 ቮልት ይላል። የእኛ አገር 220 ቮልት በዚያ ውስጥ ስለሚገባ በዚህ በኩል ችግር የለም። እኛን የሚመለከተን «አውትፑት» የሚለው ሁለተኛው መስመር ነው።

ሁለተኛው መሳሳቻ ባትሪው ላይ ነው። በባትሪው ላይ 10.8 ወይም 11.1 ቮልት ተጽፎ የሚያይ ሰው «እንግዲያው የሪሲቨሩ 12 ቮልት ይበቃዋል» ሊል ይችላል። ይኸውም ትክክል አይደለም። እንዲህ ያለው ባትሪ በውስጡ በተከታታይ የተያያዙ ሦስት ሴሎች አሉት። እያንዳንዱ ሴል ሲሞላ እስከ 4.2 ቮልት ስለሚደርስ ሦስቱ አንድ ላይ 12.6 ቮልት ይሆናሉ። ውኃ ከዝቅታ ወደ ከፍታ እንደማይፈስ ሁሉ 12 ቮልትም 12.6 ቮልትን ሊሞላ አይችልም። ስለዚህ ላፕቶፑ የሚፈልገው ከባትሪው ቁጥር በላይ የሆነውን፣ በራሱ ገላ ላይ የተጻፈውን ቮልት ነው።

የስካነሩ ቻርጀር ደግሞ 24 ቮልት ነበር። ይኸኛው ከሁሉም የከፋ ነው፤ ለ19 ቮልት የተሠራውን የውስጥ ክፍል በአንድ ጊዜ ሊያቃጥለው ይችላል። የ19 እና የ19.5 ቮልት ልዩነት ግን ከመቶ ሦስት እንኳ ስለማይሞላ አብዛኛውን ጊዜ አያስቸግርም።

ስለ አምፒሩ አጭር ነገር እንበል። ቮልቱ በቻርጀሩ የሚገፋ ሲሆን አምፒሩ ግን በላፕቶፑ የሚሳብ ነው። ስለዚህ ቻርጀሩ ላይ የተጻፈው አምፒር ከላፕቶፑ እኩል ወይም በላይ ቢሆን ጉዳት የለውም፤ ላፕቶፑ የሚስበው የሚበቃውን ያህል ብቻ ነው። ያነሰ ከሆነ ግን ቻርጀሩ ከአቅሙ በላይ ይሠራና ይግላል፣ ወይም ራሱን ያጠፋል። 19 በ3.42 ሲባዛ 65 ዋት ያህል ይሆናል። ባለ 45 ዋት ቻርጀር ለእኛው አይበቃም ማለት ነው።

ፖዘቲቩ በየት በኩል ነው?

የክቡ ጫፍ የውጭ ቀለበት አንዱ ሽቦ ነው፤ የመካከሉ ቀዳዳ ውስጠኛ ግድግዳ ደግሞ ሌላው ሽቦ ነው። በአብዛኞቹ ላፕቶፖች ፖዘቲቩ በመካከል፣ ኔጋቲቩ በውጭ ነው። ግን «በአብዛኞቹ» በሚል ቃል ዕቃ አይሰካም። በቻርጀሩም በላፕቶፑም ላይ አንዲት ነጥብና እሷን በግማሽ የከበበ ቅስት ተሥሎ እናያለን። ከነጥቧ ጋር በመስመር የተያያዘው ምልክት የመካከሉ ነው። ስለዚህ የመደመር ምልክቱ ከነጥቧ ጋር ከተያያዘ መካከሉ ፖዘቲቭ ነው ማለት ነው። ሁለቱ ሥዕሎች አንድ ዓይነት ካልሆኑ ቻርጀሩን አስቀምጡት።

ጽሑፉ የጠፋ እንደሆነ ቴስተር ያስፈልጋል። የላቦራቶሪው ባለሙያ እንዳሳዩን ቴስተሩን በዲሲ 200 ቮልት ላይ ማድረግ፣ ቀዩን ዘንግ ወደ መካከሉ ቀዳዳ ማስገባት፣ ጥቁሩን የውጩን ቀለበት ማስነካት ነው። ቁጥሩ 19 አካባቢ ሆኖ ከፊቱ ምንም ምልክት ከሌለ መካከሉ ፖዘቲቭ ነው። የመቀነስ ምልክት ከታየ ግን የተገላቢጦሽ ነው። «ልጆች፣ እጃችሁ እንዳይንቀጠቀጥ» ያሉን በምክንያት ነው። ቀዩ ዘንግ ቀዳዳውንና ቀለበቱን በአንድ ጊዜ ከነካ ሾርት ያደርጋል።

በአንዳንድ የዴልና የኤችፒ ላፕቶፖች ጫፍ መካከል ቀጭን መርፌ አለ። ይህች መርፌ ኃይል አታስተላልፍም፤ ለላፕቶፑ የቻርጀሩን ማንነት የምትናገር ናት። ስለዚህ በእነዚህ ላይ ቀዩ ዘንግ የሚያርፈው በመርፌዋ ላይ ሳይሆን በውስጠኛው ግድግዳ ላይ ነው።

የጫፉ ልክ

አሁን የተሳሳትንበት ቦታ ላይ ደረስን። ሦስተኛው ቻርጀር 19 ቮልት፣ 3.42 አምፒር፣ መካከሉ ፖዘቲቭ ነበር። ሁለቱን ጥያቄዎች አለፈ። ጫፉም ገባ። የላፕቶፑ መብራት በራ፤ እኛም እልል አልን። ሰውዬው ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዳለው ግን አምስት ደቂቃ አልቆየም። ሽቦው ሲነካ መብራቱ ይጠፋል፤ ወደ ግራ ገፋ ሲደረግ ደግሞ ይበራል። አንዱ ጓደኛችን ሽቦውን በመጽሐፍ ተጭኖ አስቀመጠው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጫፉን ብንነካው ያቃጥል ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክብ ጫፍ ሁለት ልክ አለው፤ የውጭ ስፋትና የመካከሉ ቀዳዳ ስፋት። ሁለቱም በሚሊሜትር ይነገራሉ። የእኛ ላፕቶፕ የሚፈልገው 5.5 በ1.7 ነው፤ የውጩ 5.5፣ ቀዳዳው 1.7 ማለት ነው። የተዋስነው ቻርጀር ግን 5.5 በ2.5 ነበር። የውጩ እኩል ስለሆነ ያለ ችግር ይገባል። ከላፕቶፑ ውስጥ ያለችው መርፌ ግን ቀጭን ስለሆነች ሰፊው ቀዳዳ ውስጥ ትወዛወዛለች፣ በአንድ ጎን ብቻ ትነካለች። የነካው ቦታ ጠባብ ሲሆን ለኤሌክትሪኩ መተላለፍ እንቅፋት ይሆናል። እንቅፋቱ ግማሽ ኦም ብቻ ቢሆን እንኳ በ3.42 አምፒር ወደ 6 ዋት የሚጠጋ ሙቀት በዚያች ትንሽ ጫፍ ላይ ይፈጠራል። የቆየ እንደሆነ የላፕቶፑን መሰኪያ ያቀልጠዋል፤ ያን ጊዜ ትክክለኛው ቻርጀር ቢገኝም አይጠቅምም።

የተገላቢጦሹ ግን ራሱን ያስታውቃል። ቀዳዳው 1.7 የሆነ ጫፍ ወፍራም መርፌ ባለው መሰኪያ ላይ ጨርሶ አይገባም። የሚያታልለው ሰፊው ነው። ሁለቱ ልኮች ደግሞ በብዛት የሚገኙ ናቸው። ኤሰር በብዙ ላፕቶፖቹ ላይ 5.5 በ1.7ን ሲጠቀም ቶሺባ በብዙዎቹ ላይ 5.5 በ2.5ን ይጠቀም ነበር።

ታዲያ ቻርጀሩ ከጠፋ ልኩ በምን ይታወቃል? ከሌላ ክፍል የእኛን ዓይነት፣ ሞዴል ቁጥሩም አንድ የሆነ ላፕቶፕ ያለው ልጅ አገኘን። ባትሪው ስለሞተበት ያለ ቻርጀሩ መሥራት አይችልም፤ ስለዚህ ለሩብ ሰዓት ብቻ አዋሰን። የውጩን በፊዚክስ ላቦራቶሪው ካሊፐር ለካነው፤ 5.5 ሆነ። ለቀዳዳው ስቴኪኒ ተጠቀምን። ቻርጀሩ ከግድግዳ ተነቅሎ ሳለ ስቴኪኒውን በሹል በኩል እስኪቆም ድረስ አስገባንና በቆመበት ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አደረግን። ምልክቱ ያለበትን ውፍረት በካሊፐር ስንለካው ከ1.7 ብዙ አልራቀም። በተዋስነው ሰፊ ቻርጀር ላይ ግን ያው ስቴኪኒ ምልክቱን አልፎ ወፍራሙ ሁሉ ገባ።

ቅዳሜ ያን ስቴኪኒ በኪሳችን ይዘን ገበያ ወረድን። ባለሱቁ መጀመሪያ ያወጣልን ብዙ ጫፍ ያለውን ሁለገብ ቻርጀር ነበር። «ለሁሉም ይሆናል» አለን። ጎኑ ላይ ቮልት የሚመረጥበት ማብሪያ ስለነበረው የስድስታችን እጅ የሚደርስበት ዕቃ ላይ አንድ ቀን ወደ 24 መዞሩ አይቀርም ብለን ተውነው። ከዚያ ሁለት ቻርጀሮች አወጣ፤ ሁለቱም 19 ቮልት፣ 3.42 አምፒር፣ መካከላቸው ፖዘቲቭ። ለዓይን መንታ ይመስላሉ። በአንደኛው ስቴኪኒው ምልክቱን አልፎ ሰመጠ፤ በሁለተኛው ምልክቱ ላይ ቆመ። ሁለተኛውን ገዛን።

ማደሪያችን ስንደርስ ወዲያው አልተውነውም። መጀመሪያ በቴስተር ለካነው፣ ከዚያ ሰካነው፣ ሽቦውን በቀስታ ወዘወዝነው። መብራቱ አልጠፋም። ከሩብ ሰዓት በኋላ የቻርጀሩ ሣጥን ለብ ብሏል፤ ይህ የተለመደ ነው። ጫፉ ግን ቀዝቃዛ ነበር። ሪፖርቱም በቀኑ ተረከበ።

ስቴኪኒውን አልጣልነውም። በላፕቶፑ ቦርሳ ውስጥ፣ 19 ቮልት፣ መካከሉ ፖዘቲቭ፣ 5.5 በ1.7 ከተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት ጋር ተቀምጧል። እናንተም ቻርጀራችሁ ሳይጠፋ ዛሬውኑ ገልብጡና ጻፉት።