ያላጸደቀችው ፎቶ ለምን ታየ?

የአክስቴ ልጅ የምትሠራው ዱባይ ነው። ባለፈው ዓመት ለእረፍት መጥታ የታናሽ እህቷን ሠርግ በልታ ተመለሰች። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አንድ ምሽት በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። ተቆጥታለች። «ታግ ስደረግ መጀመሪያ እኔ ላጽድቅ ብዬ ሴቲንጉን አብርቼው ነበር እኮ! ያንን ፎቶ ደግሞ አላጸደቅኩትም። ታዲያ መሥሪያ ቤት ያለችው ልጅ ከየት አይታው ነው?»

ፎቶው የመልስ ዕለት የተነሳ ነው። ሹሩባዋን ተሠርታ፣ ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዶ፣ ዓይኗን ጨፍና እስክስታ ስትመታ ያሳያል። ለእኛ የሚያስደስት ፎቶ ነው፤ እሷ ግን የሥራ ባልደረቦቿ እንዲያዩት አልፈለገችም። ያነሳችው የሙሽሪት ጓደኛ ናት። 43 ፎቶዎችን በአንድ አልበም ፌስቡክ ላይ ጭና፣ የአክስቴን ልጅ በስድስቱ ላይ ታግ አድርጋታለች።

ሴቲንጉ አልተበላሸም። የሚሠራውን ሠርቷል፤ እሷ የጠበቀችው ግን ሌላ ነበር። ይህ ግራ መጋባት የብዙ ሰው ስለሆነ ከሥሩ ቢብራራ ይሻላል።

ፌስቡክ ሰውን ፎቶ ላይ ታግ ማድረግን የጀመረው በ2005 እ.ኤ.አ. ነው። ታግ ሲባል በፎቶው ላይ ስም መጻፍ ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን በአንድ ጊዜ ብዙ ነገር ያደርጋል። ስሙ ወደ ሰውየው ገጽ የሚወስድ ሊንክ ይሆናል። ለሰውየው ኖቲፊኬሽን ይደርሰዋል። ፎቶው በራሱ ገጽ ላይም እሱ እንደለጠፈው ሁሉ ይታያል። ከዚህም በላይ፣ ፎቶውን የጫነችው ሰው ለጓደኞቿ ብቻ ብላ ብትለጥፈውም፣ ታግ የተደረገው ሰው ጓደኞችም ሊያዩት ይችላሉ። አንድ ስም በመጨመሯ የሁለት ሰው ጓደኞች ተመልካች ይሆናሉ ማለት ነው።

የማጽደቂያው ሴቲንግ የመጣው ዘግይቶ፣ በ2011 ነው። ከዚያ በፊት ጓደኛ ታግ ያደረገው ፎቶ በቀጥታ ገጽዎ ላይ ይወጣ ነበር፤ ካልፈለጉት የሚያነሱት ከወጣ በኋላ ነው። ዛሬም ለብዙ ሰው ሴቲንጉ የሚሠራው ካበራው ብቻ ነው። አዲስ አካውንት የከፈተ ብዙ ሰው ሳያውቀው በአሮጌው መንገድ እየሄደ ነው።

ለማብራት Settings & privacy ውስጥ ገብቶ Settings፣ ከዚያም Profile and tagging የሚለውን መክፈት ነው። ከታች በኩል የሚመሳሰሉ ሁለት ጥያቄዎች ይገኛሉ፤ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። አንደኛው እንዲህ ይላል፦ Review posts you're tagged in before the post appears on your profile? ይህ ሌሎች በለጠፉት ነገር ላይ እርስዎን ታግ ሲያደርጉ፣ ፎቶው በእርስዎ ገጽ ላይ ከመውጣቱ በፊት ፈቃድዎን የሚጠይቅ ነው። ሁለተኛው ደግሞ፦ Review tags people add to your posts before the tags appear on Facebook? ይላል። ይህኛው የሚመለከተው እርስዎ ራስዎ የለጠፉትን ነው። የልጅዎን የልደት ፎቶ ለጥፈው፣ ጎረቤትዎ መጥታ በፎቶው ላይ ያሉትን አክስቶች ሁሉ ታግ ልታደርግ ብትሞክር፣ ታጉ እርስዎ ሳይፈቅዱ አይወጣም። ከፈቀዱ ግን የአክስቶቹ ጓደኞችም የልጅዎን ፎቶ ሊያዩ እንደሚችሉ ይወቁት። ስለዚህ የልጆችን ፎቶ የሚለጥፍ ወላጅ ይህን ሁለተኛውን ሊዘነጋው አይገባም እላለሁ።

የአክስቴ ልጅ ያበራችው የመጀመሪያውን ነው፤ ትክክለኛውንም ነው ያበራችው። ስድስቱ ፎቶዎች ተራ ይዘው ይጠብቋት ነበር። በእያንዳንዱ ላይ ሁለት ምርጫ ይቀርብላታል፤ ወደ ገጿ ማስገባት ወይም መደበቅ። ሁለቱንም አልነካችም። እኔም በስልኬ ገጿን ከፍቼ አየሁት፤ ከስድስቱ አንዱም የለም። ታዲያ ባልደረባዋ የት አየችው?

«የት እንዳየችው ስክሪንሾት አድርጋ እንድትልክልሽ ጠይቂያት» አልኳት። በማግስቱ ስክሪንሾቱ መጣ። ፎቶው ያለው የሙሽሪት ጓደኛ አልበም ውስጥ ነው። ከለጣፊዋ ስም ሥር፣ ከቀኑ አጠገብ ትንሽ የዓለም ሉል ምልክት አለች። ይህች ሉል Public ማለት ነው፤ ማንም ሰው ሊያየው ይችላል ማለት ነው። ለጓደኞች ብቻ ቢሆን ኖሮ በሉሏ ቦታ የሁለት ሰዎች ምልክት ይታይ ነበር። የአክስቴ ልጅ ስም ደግሞ ከፎቶው ጋር እንደተያያዘ ነው። ባልደረባዋ የፌስቡክ ጓደኛዋ ስለሆነች፣ ጓደኛዋ ታግ የተደረገችበት ይፋ ፎቶ በዋና ገጿ ላይ መጣላት።

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ማጽደቂያው የሚጠብቀው የእርስዎን ገጽ ብቻ ነው። ፎቶው የለጠፈው ሰው ንብረት ሆኖ በለጠፈው ሰው ገጽ ላይ ይቀመጣል፤ እርስዎ ባያጸድቁትም ከዚያ አይነሳም። ታጉም ቢሆን እርስዎ እስኪወስኑ ድረስ እዚያ ፎቶ ላይ ይቆያል። ፍለጋ ላይ ሊወጣ፣ የሌሎች ሰዎች ዋና ገጽ ላይም ሊመጣ ይችላል። ፌስቡክ ራሱ ይህንን በመረጃ ገጹ ላይ ጽፎታል፤ ችግሩ ሰው ሴቲንጉን ሲያበራ ያንን የሚያነብ አለመሆኑ ነው። «ላጽድቅ» የሚለው ቃል ራሱ ያሳስታል። በእኛ አነጋገር ያልጸደቀ ነገር አልሆነም ማለት ነው። ያልጸደቀ ሕግ ሥራ ላይ አይውልም። ያልጸደቀ ታግ ግን የእርስዎን በር አላለፈም ማለት ብቻ ነው።

መደበቅም የዚሁ ዓይነት ነው። ብዙ ሰው «ደበቅኩት» ብሎ ይተኛል። መደበቅ ፎቶውን ከገጽዎ ያርቀዋል እንጂ ስምዎን ከፎቶው አይነቅለውም። ስሙን የሚነቅለው ሌላ ነው፤ ፎቶውን ከፍቶ ሦስቱን ነጥቦች በመንካት Remove tag የሚለውን መምረጥ ያስፈልጋል። ያኔ ሊንኩ ይጠፋል፣ ፎቶው በስምዎ በኩል የሚገኝበት መንገድ ይዘጋል። ፎቶው ግን አሁንም አለ፤ መልክዎም በፎቶው ላይ አለ። እሱን ማጥፋት የሚችለው የለጠፈው ሰው ነው፤ የሚያዋርድ ወይም የሚጎዳ ከሆነ ደግሞ ለፌስቡክ ሪፖርት ማድረግ ይቻላል።

የአክስቴ ልጅ በዚሁ ቅደም ተከተል ሄደች። መጀመሪያ ከስድስቱም ላይ ታጉን አነሳች። ለእያንዳንዱ ሦስት አራት ጊዜ መንካት ነው፤ አምስት ደቂቃ አልፈጀባትም። ከዚያ ለልጅቷ ጻፈችላት። ቃሉን አብረን ነው የመረጥነው፤ ልጅቷ በፍቅር ያደረገችው ነገር ነውና እንዳታፍር። «የኔ ቆንጆ፣ ፎቶዎቹ በጣም ያምራሉ፣ እጅሽ ይባረክ። መሥሪያ ቤት ስለሚያዩኝ ነውና አልበሙን ለጓደኞች ብቻ ታደርጊልኛለሽ? የእስክስታዋን ደግሞ ለእኔ ልከሽልኝ ከዚያ አጥፊያት» አለቻት። በዚያው ቀን ሉሏ ወደ ሁለት ሰው ተለወጠች፤ ያቺ አንዷ ፎቶም ጠፋች።

ሴቲንጉ ወደፊት ለሚመጣው እንጂ ላለፈው አይሠራም። ዛሬ ያበራው ሰው ከዚህ በፊት ገጹ ላይ የወጡት ፎቶዎች እዚያው እንዳሉ ናቸው። እነሱን ለማየት Activity log ውስጥ ገብቶ ታግ የተደረጉባቸውን ፎቶዎች መክፈት ያስፈልጋል። እኔ ስገባ የማላውቃቸው ጫማዎች አገኘሁ። አንድ የማውቀው ነጋዴ አዲስ ዕቃ በመጣለት ቁጥር በአንድ ፎቶ ላይ እስከ 50 ሰው ታግ ያደርጋል፤ ለእሱ ማስታወቂያ ነው፤ የእኔ ገጽ ግን የጫማ መደብር መስሏል። ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር ማጽደቂያው ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ነጋዴው የሚፈልገው በእኔ ገጽ በኩል ጓደኞቼ ዘንድ መድረስ ነውና። ገጽዎ ለማያውቅዎ ሰው ምን እንደሚመስል ለማረጋገጥ ደግሞ በፕሮፋይልዎ ላይ ሦስቱን ነጥቦች ነክተው View As የሚለውን ይክፈቱ።

ኢንስታግራምም Manually approve tags የሚል ተመሳሳይ ሴቲንግ አለው። እዚያ ደግሞ ከናካቴው ማን ታግ ሊያደርግዎ እንደሚችል መወሰን ይቻላል፤ ሁሉም ሰው፣ እርስዎ የሚከተሏቸው ብቻ፣ ወይም ማንም። የመጨረሻውን የመረጠ ሰው ማጽደቅም አያስፈልገውም።

ሳልጠቅሰው የማላልፈው አንድ ነገር ግን አለ፤ መርዶ። በእኛ ዘንድ የሞት ዜና በስልክ አይነገርም። ልጁ ቤይሩት ወይም ሪያድ ወይም ዋሽንግተን ካለ፣ ቤተሰብ እዚያ ያሉ ዘመዶችንና የአገር ልጆችን ይፈልጋል፤ እነሱም ተሰባስበው በማለዳ ቤቱ ይሄዳሉ፤ ብቻውን ሳይሆን ሰው ባለበት ይረዳል። አሁን ግን ከእነሱ በፊት የሟቹ ፎቶ «ነፍስ ይማር» ከሚል ጽሑፍ ጋር ፌስቡክ ላይ ይወጣል። የለጠፈው ጓደኛ ሐዘኑን ለመግለጽ ብሎ የሟቹን እህት ታግ ያደርጋታል። እህትየው ማጽደቂያውን አብርታ ቢሆን እንኳ አያድናትም። ማጽደቂያው ፎቶውን ከገጿ ያስቀረዋል፤ «እገሌ ፎቶ ላይ ታግ አድርጎሻል» የሚለው ኖቲፊኬሽን ግን ለእሷ ይደርሳል። እንዲያውም አጽድቂ ወይም ደብቂ ተብላ የምትጠየቀው ራሷ ናት።

ሟቹ በሕይወት ሳለ አብርቶት ከሆነ ደግሞ ሌላ ነገር ይሆናል። ጓደኞቹ እሱን ታግ ያደረጉባቸው ፎቶዎች ሁሉ እሱ እስኪያጸድቅ ይጠብቃሉ፤ የሚያጸድቅ የለምና ገጹ ላይ አይወጡም። «ወንድሜ ዛሬ ለምን ጠፋ?» ብላ ገጹን የከፈተች እህት የምታየው እሱ በመጨረሻ የለጠፈውን ነው።

በቅርቡ በሰፈራችን አንድ ሐዘን ሲደርስ የሟቹ ታናሽ ወንድም ያደረገውን አይቻለሁ። ድንኳኑ ሳይተከል ስልኩን ይዞ ጥግ ላይ ተቀመጠ። የወንድሙን ስም ፍለጋ ላይ እየጻፈ፣ ፎቶ የለጠፉትን አንድ በአንድ በውስጥ መስመር «እህታችን ገና አልተረዳችም፣ እባካችሁ ስሟን አንሱልኝ» እያለ ይጽፍላቸው ነበር። ሦስት ሰዎች ታግ አድርገዋት ነበር። ሁለቱ ወዲያው አነሱ። ሦስተኛው ስልኩ ዝግ ስለነበር ወደ ቤቱ ሰው ተላከበት።