ዶሮ 74፣ የተፈጨ ሥጋ 71፣ እንቁላልስ?

ከአንድ በሬ ሽንጥ ሁለት ቁራጭ ሥጋ ተቆረጠ እንበል። አንደኛው እንዳለ መጥበሻ ላይ ወጣ፤ ሁለተኛው ተፈጨ። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ላልተፈጨው መሃሉ 63 ዲግሪ ሴልሺየስ ደርሶ ከእሳት ከወረደ በኋላ 3 ደቂቃ ቢያርፍ ይበቃዋል ይላል። ለተፈጨው ግን 71 ዲግሪ ይጠይቃል። በሬው ያው ነው፣ ሥጋውም ያው። ስምንቱን ዲግሪ ያመጣው መፍጨቱ ብቻ ነው። ምክንያቱ ከገባን የዶሮውም የእንቁላሉም ነገር ብዙ አያስቸግርም፤ ሁሉም የሚዞረው ባክቴሪያው የት ተቀምጧል በሚለው ጥያቄ ላይ ነውና።

ጤነኛ በሬ ሲታረድ የጡንቻው ውስጥ ከባክቴሪያ ነፃ ነው ማለት ይቻላል። ችግሩ የሚመጣው ከውጭ ነው። ቆዳው ሲገፈፍና ሆድ ዕቃው ሲወጣ፣ ከቆዳውና ከፈርሱ የተነሳ ባክቴሪያ በቢላዋና በእጅ ወደ ሥጋው ይተላለፋል። የሚያርፈውም ገጹ ላይ ነው። ጥብስ በጋለ ብረት ምጣድ ላይ ሲገላበጥ ያ ገጽ ከመቶ ዲግሪ በላይ ይግላል፤ ስለዚህ መሃሉ ቀላ ብሎ ቢቀር እንኳ ባክቴሪያው በነበረበት ቦታ ተቃጥሏል። ሥጋው ሲፈጭ ግን ገጽ የሚባል ነገር ይጠፋል። ሊጥ ላይ የነሰነስነው ዱቄት ደጋግመን ስናሸው ውስጥ እንደሚገባ ሁሉ፣ ከላይ የነበረው ባክቴሪያም መሃል ይገባል። በፋብሪካ የሚፈጭ ሥጋ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከብዙ ከብቶች የተቀላቀለ ነውና አንዱ የተበከለ ብዙውን ይበክላል። ከዚያ በኋላ ውጩ ቡናማ ሆነ አልሆነ ዋጋ የለውም፤ ወሳኙ የመሃሉ ሙቀት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ አጠፋለሁ። «የጡንቻው ውስጥ ንጹህ ነው» ያልኩት ስለ ባክቴሪያ ነው እንጂ ስለ ኮሶ አይደለም። የኮሶ ትል እጭ የሚቀመጠው እዚያው ጡንቻው ውስጥ ነው፤ ስለዚህ የጡንቻው ከባክቴሪያ መንጻት ጥሬ ቁርጥን ከኮሶ ነፃ አያደርገውም። 63 ዲግሪ ግን እጩንም ይገድለዋል።

የተፈጨ ሥጋ ቁጥር ይህን ያህል የከበደው በአደጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ ምዕራባዊ ግዛቶች «ጃክ ኢን ዘ ቦክስ» ከተባለ የምግብ ቤት ሰንሰለት ሃምበርገር የበሉ ከ700 በላይ ሰዎች ታመሙ፤ አራት ሕፃናት ሞቱ። በሥጋው ውስጥ የነበረው ኢ. ኮላይ ኦ157 የተባለ ባክቴሪያ ሲሆን ሃምበርገሩ እርሱን ለመግደል በቂ ሙቀት አላገኘም ነበር። ይህን ባክቴሪያ ከሌሎቹ የሚለየው ለማሳመም ብዙ ቁጥር አለመፈለጉ ነው፤ እጅግ ጥቂት ሕዋሳት ይበቁታል። አንጀት ውስጥ ከገባ በኋላ የሚያመነጨው መርዝ በተለይ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን ኩላሊት ይጎዳል። በማግስቱ ዓመት የአሜሪካ መንግሥት ይህ ባክቴሪያ ያለበትን ጥሬ የተፈጨ የበሬ ሥጋ መሸጥ ከለከለ።

አሁን ወደ ክትፎ እንምጣ። ለብ ለብ የሚባለው ክትፎ ስንት ዲግሪ ነው? ቴርሞሜትር ሳናነሳ መገመት እንችላለን፤ «ለብ» የምንለው እጃችን ያለ ጭንቀት የሚችለውን ሙቀት ነው፤ እጅ ደግሞ 50 ዲግሪን አይታገሥም። ስለዚህ ለብ ለብ ክትፎ ከ71 ቢያንስ በሃያ ዲግሪ ዝቅ ይላል ማለት ነው። ንጥር ቅቤው ትኩስ ሆኖ ቢፈስበትም ቀዝቃዛው ሥጋ ወዲያው ያበርደዋል። ሚጥሚጣውና ኮረሪማውም ጣዕም እንጂ እሳት አይሆኑም። በእጅ በቢላዋ መክተፍም ከማሽኑ እምብዛም አይለይም፤ ቢላዋው ገጹን ወደ ውስጥ የሚያስገባው እያንዳንዱ ምት ላይ ነው። ከታመነ ሉካንዳ ትኩስ ሥጋ መግዛትና ገጹን በንጹህ ቢላዋ ገፎ መጣል አደጋውን ይቀንሳል፤ ዜሮ ግን አያደርገውም። ጤነኛ ጎልማሳ ይህን አውቆ ይምረጥ። ለሕፃን፣ ለነፍሰ ጡር፣ ለአዛውንትና ሕመም ላዳከመው ሰው ግን እኔ የማቀርበው በደንብ የበሰለውን ክትፎ ብቻ ነው፤ በዚህ ላይ ይሉኝታ የለኝም።

በደንብ መብሰሉን በዓይን ማወቅ አይቻልም ወይ? በተፈጨ ሥጋ ላይ አይቻልም። ለሥጋ ቀይ ቀለም የሚሰጠው ሚዮግሎቢን የተባለ ፕሮቲን ነው፤ ሥጋው ተፈጭቶ ለአየር ተጋልጦ ከቆየ ይህ ፕሮቲን ገና 71 ሳይደርስ ቡናማ ሊሆን ይችላል። አንዳንዱ ሥጋ ደግሞ 71 አልፎም ቀላ ብሎ ይቀራል። ስለዚህ ሁለት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የተጠፈጠፈ ሥጋ ስትጠብሱ የቴርሞሜትሩን ጫፍ ከላይ ሳይሆን ከጎን በኩል እስከ መሃሉ አስገቡት። ከላይ ከወጋችሁት ጫፉ አልፎ የመጥበሻውን ሙቀት ይነግራችኋል።

ዶሮ ላይ ቁጥሩ ወደ 74 ይወጣል። ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር የሚኖሩት በዶሮው አንጀት ውስጥ ነው፤ በጅምላ ታርዶ በጋራ ውኃ ሲነከርና ሲነጭ ደግሞ ላባው በነበረበት ቀዳዳ፣ በቆዳው ሥርና በሆድ ዕቃው ክፍተት ሁሉ ይሰራጫሉ። ዶሮ ለስላሳ የሆነ አንድ ገጽ የለውም፤ እጥፋቱና ክፍተቱ ብዙ ነው። የሚሸከመው ባክቴሪያም ብዙ ስለሆነ፣ በአሜሪካ መመዘኛ ከ10 ሚሊዮን ሳልሞኔላ ከአንድ በላይ እንዳይተርፍ ይፈለጋል፤ ለበሬ ሥጋ የሚጠየቀው ከዚህ ትንሽ ዝቅ ያለ ነው።

ነገር ግን 74 ላይ ድንገት የሚከፈት በር የለም። ባክቴሪያ የሚሞተው ሙቀትና ጊዜ አብረው ሲሠሩ ነው። ዶሮ መሃሉ 60 ዲግሪ ላይ ቢቆይ ያንኑ ያህል ሳልሞኔላ ለመግደል ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። 65 ተኩል ላይ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። 74 ላይ ከአሥር ሰከንድ በታች ነው። አምስት ስድስት ዲግሪ በጨመርን ቁጥር የሚፈለገው ጊዜ ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። የቤት ምድጃ ላይ ቆሞ ደቂቃ የሚቆጥር ሰው ስለሌለ፣ መንግሥት የመረጠው እንደተደረሰ ሥራው አለቀ የሚባልበትን ቁጥር ነው። የእንግሊዝ የምግብ ደረጃ መሥሪያ ቤት በሌላ መንገድ ሄዶ ለዶሮውም ለሃምበርገሩም «70 ዲግሪ ለ2 ደቂቃ» ይላል፤ ሁለቱ አይቃረኑም። አሜሪካኖችም ራሳቸው ቀድሞ ለሙሉ ዶሮ 82 ዲግሪ ይሉ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ነው ለሁሉም የዶሮ ክፍል 74 ያደረጉት።

ዶሮ ወጥ ላይ ይህ ሁሉ ጭንቀት የለም። ብልቱ በሚፈላ ቁሌት ውስጥ ረጅም ጊዜ ስለሚቆይ 74ን አልፎ ይሄዳል። ጥንቃቄ የሚሻው በምድጃ የሚጠበሰው ሙሉ ዶሮ ነው። ደረቱ 74 ሲደርስ ታፋው ከአጥንቱ አጠገብ ገና ዝቅ ብሎ ሊገኝ ይችላል፤ ስለዚህ የሚለካው የታፋው ወፍራም ቦታ ነው፣ ጫፉ አጥንት ሳይነካ። አጥንት ከነካ የሥጋውን ሙቀት አይነግራችሁም። ወጣት ዶሮ ላይ ከአጥንት መቅኔ የወጣ ደም አጠገቡ ያለውን ሥጋ ሊያቀላው ስለሚችል፣ ቴርሞሜትሩ 74 ካለ ቅላቱ አያስደንግጣችሁ። በሎሚና በጨው ማጠቡ ጠረኑን ያጠፋል እንጂ ሳልሞኔላን አያጠፋም፤ ፍንጣሪው ግን አጠገቡ ያለውን ሰላጣ ይበክላል።

እንቁላል የተለየ ነው፤ ምክንያቱም ባክቴሪያው ቅርፊቱ ሳይሠራ ገና ከዶሮዋ የእንቁላል ማኅደር ውስጥ ሊገባበት ይችላል። ሳልሞኔላ ኤንተሪቲዲስ የሚባለው ዝርያ የሚያደርገው ይህንን ነው። ቅርፊቱ ሳይሰነጠቅ፣ ታጥቦ ሲያብረቀርቅ፣ ውስጡ ሊኖር ይችላል። መልካሙ ነገር እንቁላል ራሱ ሙቀቱን መናገሩ ነው። ነጩ ከ62 ገደማ ጀምሮ ይረጋል፣ አስኳሉ ከ65 ጀምሮ እየወፈረ 70 አካባቢ ይጠነክራል። ስለዚህ ሁለቱም ከጠነከሩ ቴርሞሜትር አያስፈልግም፤ አስኳሉ የሚፈስ ከሆነ ግን ወደ 70 አልደረሰም ማለት ነው።

እንቁላሎች አብረው ሲመቱ ግን የተፈጨው ሥጋ ታሪክ ይደገማል። ስድስት እንቁላል አንድ ሳህን ውስጥ ተሰብሮ ሲመታ፣ አንዱ የያዘው ባክቴሪያ በሁሉም ይሰራጫል። በእንቁላል ፍርፍር ላይ ፈሳሽ እስኪጠፋ ማብሰል፣ በወፍራም የእንቁላል ጋገራ ላይ ደግሞ መሃሉን 71 ማድረስ የሚባለው ለዚህ ነው። የቤት ማዮኔዝ እሳት ስለማያገኝ በሌላ ዘዴ ሙቀት ያለፈበት እንቁላል ይፈልጋል። እንግሊዝ አገር የአንበሳ ማኅተም ያለበትን እንቁላል ለሕፃንና ለነፍሰ ጡርም አስኳሉ ሳይጠነክር መብላት እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ተፈቅዷል፤ የተፈቀደውም የዚያ መርሐ ግብር ዶሮዎች ሳልሞኔላን እንዲከላከሉ ስለሚከተቡና ስለሚመረመሩ ነው። ፈቃዱ ለዚያ እንቁላል ብቻ እንጂ ከማንኛውም ሱቅ ለተገዛ አይደለም።

አሜሪካ ያላችሁ በፋራናይት 165፣ 160 እና 145 ታነባላችሁ፤ 74፣ 71 እና 63 ማለት ነው። ቴርሞሜትሩ ትክክል መሆኑን ለማወቅ ብርጭቆ በተፈጨ በረዶ ሙሉ፣ ጥቂት ቀዝቃዛ ውኃ ጨምሩ፣ አማስሉና ጫፉን መሃል ላይ ያዙት፤ 0 ማሳየት አለበት። በሚፈላ ውኃ መፈተን አዲስ አበባ ላይ ያሳስታል፤ ከተማዋ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ነውና 100 አለማሳየቱ የመሣሪያው ጥፋት አይደለም። እንቁላል ሲቀቀልም ከዝቅተኛ ቦታ ይልቅ ጥቂት ደቂቃ የሚጨምረው በዚሁ ምክንያት ነው።