ትንሿ ጀበና በትልቁ ህትመት ላይ

አንድ ቡና ቤት ግድግዳው ላይ የሚሰቅለው ፎቶ አለው እንበል፤ ወርዱ 90፣ ቁመቱ 60 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ይታተማል። ፎቶው ጥሩ ነው፤ ችግሩ ረከቦቱ ላይ ፔርሙዝ መቀመጡ ነው። ባለቤቱ ፔርሙዙ ወጥቶ ጀበና እንዲገባለት ፈለገና አንድ የጀበና ፎቶ በቴሌግራም ላከ። ኮምፒውተር ላይ ሲታይ ያምራል። ሲታተም ግን ብዙ ጊዜ ጀበናው ብቻ ደብዝዞ፣ ጠርዙ ተሸራርፎ ይወጣል።

ምክንያቱን ለማወቅ መለካት ያለበት ሙሉው ፎቶ ሳይሆን ጀበናው ነው። የተላከው ምስል ወርዱ 1280 ፒክስል ቢሆንም ጀበናው ጥጉ ላይ ትንሽ ቦታ ብቻ ይዞ ይሆናል፤ ቁመቱ 320 ፒክስል ነው እንበል። ዋናው ፎቶ ደግሞ ወርዱ 6000 ፒክስል ነው፤ ይህ የብዙ 24 ሜጋ ፒክስል ካሜራዎች ልክ ነው። 6000ን ለ90 ስናካፍል በህትመቱ ላይ ለእያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር 67 ያህል ፒክስል ይደርሰዋል። ጀበናው በህትመቱ 12 ሴንቲ ሜትር ቁመት እንዲኖረው ከተፈለገ 800 ፒክስል ያስፈልገዋል። ያለው 320 ስለሆነ ሁለት ተኩል እጥፍ መጉላት አለበት ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎች «ለህትመት 300 ነው» ይላሉ፤ በአንድ ኢንች 300 ፒክስል ማለታቸው ነው። ያ ልክ በእጅ ተይዞ፣ ከ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ለሚታይ ነገር የሚሠራ ነው። ዓይን ከአንድ ሜትር ርቀት ሲያይ በኢንች 90 ያህል ይበቃዋል። የእኛ ዋና ፎቶ በኢንች ወደ 170 ስላለው ለግድግዳ ከበቂ በላይ ነው። ጀበናውም መድረስ ያለበት እዚያው 170 ላይ እንጂ 300 ላይ አይደለም። ዓይን የሚያወዳድረው ጀበናውን ከቁጥር ጋር ሳይሆን አጠገቡ ካለው ሲኒ ጋር ነውና።

ፎቶሾፕ ውስጥ Image Size ከፍቶ፣ Resample የሚለውን ሳይመርጡ 72ን ወደ 300 መቀየር ደግሞ ምንም አይጨምርም። ፒክስሎቹ እነዚያው ናቸው፤ የሚቀየረው ስንት ሴንቲ ሜትር ላይ እንደሚዘረጉ የሚናገረው ቁጥር ብቻ ነው።

ሥራው የሚጀመረው ግን ከማጉላት በፊት ነው። ቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከን ምስል አሳንሶና ጨምቆ ስለሚያደርሰው፣ ላኪው ዋናውን እንደ ፋይል እንዲልክ መጠየቅ ይቀድማል። ሌላ ከሌለ፣ መጨመቁ የተዋቸውን ትናንሽ አራት ማዕዘኖችና በጠርዙ ዙሪያ ያለውን ብናኝ በትንሹ ማለስለስ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ምስሉ ሲጎላ እነሱም አብረው ይጎላሉ።

ቀጥሎ ምስሉ አንድ ጊዜ ብቻ ይጉላ። Resample ተመርጦ፣ Preserve Details ወይም Bicubic Smoother ከተባሉት በአንዱ 250 በመቶ ይደረጋል። እየጎተቱ ማሳደግ፣ መልሶ ማሳነስ፣ ደግሞ ማሳደግ በእያንዳንዱ ዙር ጥራት ይበላል። ጀበናውን ከጀርባው ቆርጦ ማውጣትም ከጎላ በኋላ ይሁን፤ በ320 ፒክስል የተቆረጠ ጠርዝ ሲያድግ እንደ መሰላል ይደረደራልና።

ጀበናው ቦታው ላይ ከተቀመጠ በኋላ በመጨረሻው ልኩ በ Unsharp Mask ትንሽ ይሳል። ብዙ ከተሳለ በዙሪያው ነጭ መስመር ይወጣል፤ ይህም ከመደብዘዝ ይልቅ የተለጠፈ ነገር መሆኑን ያጋልጣል። በመጨረሻም ዋናው ፎቶ የካሜራ ብናኝ ካለው፣ ለስላሳ ሆኖ የቀረው ጀበና ላይ በ Add Noise ተመሳሳይ ብናኝ ይጨመራል። ይህ ትንሽ ነገር ሁለቱን ምስሎች በአንድ ካሜራ የተነሱ ያስመስላቸዋል።

ማጉላት ያልነበረን ዝርዝር አይፈጥርም። ወጥ ጥቁር የሸክላ ገላ ሁለት ተኩል እጥፍ ቢጎላ ብዙ አይጎዳም፤ አንገቱ ላይ ያለ ደቃቅ ጌጥ ግን ይድበሰበሳል። ጽሑፍ ከሁሉም ይብሳል፤ ከማጉላት ይልቅ እንደገና መጻፍ ይሻላል። አራት እጥፍ መጉላት የሚጠይቅ ዕቃ ከሆነ፣ በህትመቱ ላይ አሳንሶ ማስቀመጥ ወይም ጀበናውን በዚያው ብርሃን አቅጣጫ እንደገና ማንሳት ይቀላል።

ሙሉው ከመታተሙ በፊት ጀበናውንና አጠገቡ ያለውን ሲኒ የያዘ 20 በ25 ሴንቲ ሜትር ቁራጭ በእውነተኛ ልኩ አንድ ኤ4 ወረቀት ላይ ይታተም፤ ማተሚያው ከወረቀቱ ጋር ለማስማማት እንዳያሳንሰው መጠኑ 100 በመቶ ይሁን። ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጥፎ ደንበኛ ከሚቀመጥበት ርቀት ማየት ነው። ከዚያ ሆኖ የሲኒውና የጀበናው ጠርዝ እኩል ከጠራ ሥራው አልቋል፤ አፍንጫን አስጠግቶ የሚታየው ልዩነት ለሌላ ህትመት ገንዘብ የሚያስወጣ አይደለም።