የወር መጨረሻ ሂሳብን ያቀለለው ማጣሪያ

ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባሉ ቀበሌዎች የበቆሎ ዘር ወቅት ሲደርስ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ጸሐፊዎች ሥራ ይበዛባቸዋል። ማዳበሪያው ለአርሶ አደሩ ከተሰራጨ በኋላ፣ ወር ሲያልቅ በየዓይነቱ ስንት ኩንታል እንደወጣ አስልተው ሪፖርት ማድረግ አለባቸው።

በቡሬ ዙሪያ የምትሠራ አንዲት ጸሐፊን በምሳሌነት እንውሰድ። የሰኔ ወር 412 ደረሰኞችን ኤክሴል ላይ መዝግባለች። ነገር ግን የዩሪያውን ድምር የምታገኘው መስመሮቹን በጣቷ እየተከተለች በካልኩሌተር በመደመር ነበር። አንድ መስመር ከዘለለች እንደገና ትጀምራለች፤ ግማሽ ቀንም ያልቅባታል።

መፍትሔው ማጣሪያው ነው። ቀን፣ ወር፣ የደረሰኝ ቁጥር፣ የአባል ስም፣ የግብአት ዓይነትና ኩንታል የሚሉትን ርዕሶች ሦስተኛው መስመር ላይ ጻፈች፤ ሁለተኛውን ባዶ ተወችው። ኤክሴል የእኛን ዘመን አቆጣጠር ስለማያውቅ የወሩን ስም ለብቻው መጻፏ ጠቅሟታል። ርዕሶቹን መርጣ ከ Data ውስጥ Filter የሚለውን ስትጫን በየርዕሱ ጎን ትንሽ ቀስት ወጣ። ከግብአት ዓይነት ቀስት ዩሪያን ብቻ ስትመርጥ የሌሎቹ መስመሮች ተሰወሩ፤ አልጠፉም።

ድምሩን ግን መጠንቀቅ ያሻል። SUM የተሰወሩትን መስመሮችም ይደምራል። የሚታዩትን ብቻ ለመደመር የመጀመሪያው መስመር ላይ ይህን መጻፍ ይገባል፦

```
=SUBTOTAL(9,F4:F415)
```

ውጤቱ 186 ኩንታል ሆነ። የመጋዘኑ ካርድ ግን 191 ኩንታል ወጪ ያሳያል። የ5 ኩንታሉ ልዩነት ከየት መጣ? ጸሐፊዋ ቀስቱን እንደገና ስትከፍት «ዩሪያ» እና «ዩርያ» የሚሉ ሁለት ቃላት አገኘች። ለእኛ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተሩ ግን ሁለት የተለያዩ ግብአቶች ናቸው። በሁለተኛው አጻጻፍ የተመዘገቡት ሁለት ደረሰኞች 3 እና 2 ኩንታል ነበሩ። አጻጻፉን አስተካክላ እንደገና ስታጣራ 191 ሞላ።

በአባላት ስምም ይኸው ችግር ይገጥማል። «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» ተብሎ የተጻፈ አንድ አባል እንደ ሁለት ሰው ይቆጠራል፤ የብድሩም ሂሳብ ይከፈላል። ስለዚህ በየወሩ ከመደመር በፊት የቀስቱን ዝርዝር ከላይ እስከ ታች ማንበብ ያስፈልጋል።

ማጣሪያው ሳይመዘገብ የቀረ ደረሰኝን አያሳይም። ለዚህ የደረሰኝ ቁጥሮችን በቅደም ተከተል አስቀምጦ የተዘለለውን መፈለግ፣ ድምሩንም ከመጋዘን ካርዱ ጋር ማመሳከር የግድ ነው። ግማሽ ቀን ይፈጅ የነበረው መደመር ወደ ደቂቃዎች ሲወርድ፣ ለዚህ ማመሳከር በቂ ጊዜ ይገኛል።