ወተት ለሆቴል፦ የአቅርቦት ደብዳቤ አጻጻፍ

አንድ ሰው ወይም አንድ ማኅበር ለሆቴል፣ ለትምህርት ቤት ወይም ለመሥሪያ ቤት አንድን ነገር በየጊዜው ለማቅረብ ሲፈልግ አስቀድሞ የሚጽፈው ደብዳቤ የአቅርቦት ደብዳቤ ይባላል። በደብዳቤው ውስጥ ዋጋው፣ የርክክቡ ሁኔታና የጥራቱ ዋስትና ይገለጻሉ። የአቅርቦት ደብዳቤ ከማስታወቂያ የተለየ ነው። ማስታወቂያ ገዥን ይጠራል፤ የአቅርቦት ደብዳቤ ግን በገዥው ዘንድ ተቀባይነት ካገኘ ጸሐፊውን በቃሉ ያስረዋል። ስለዚህ በደብዳቤው ላይ የሚሰፍረው ቃል ሁሉ ሊፈጸምና ሊለካ የሚችል መሆን አለበት።

ይህን በምሳሌ እንመልከት። በደብረ ብርሃን ከተማ ዳርቻ የሚኖሩ ስድስት አባወራዎች ማኅበር አቋቁመው ወተት ያመርታሉ እንበል። በከተማው የሚገኝ አንድ ሆቴል ትኩስ ወተት በየዕለቱ የሚያቀርብለት ይፈልጋል። የማኅበሩ ላሞች ማለዳ በጠቅላላው 55 ሊትር ያህል ይታለባሉ። ታዲያ ማኅበሩ ስንት ሊትር ለማቅረብ ቃል ይግባ? 55 ሊትር ቢል አንዲት ላም በነጠፈች ወይም በታመመች ቀን ቃሉ ይፈርሳል። በበጋ መኖ ሲያንስም ወተቱ ይቀንሳል። ስለዚህ ማኅበሩ በክፉ ቀን እንኳ የማይጎድለውን መጠን፣ ማለትም 40 ሊትር፣ ለማቅረብ ይወስናል።

ቀጥሎ የሚመጣው የዋጋ ስሌት ነው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የተወሰዱ ናቸው። ማኅበሩ ለአባሎቹ በሊትር 70 ብር ይከፍላል። ወተቱን ለሚያጓጉዘው ባጃጅ በቀን 240 ብር፣ ዕቃ ለሚያጥበውና ወተቱን ለሚመረምረው ሠራተኛ ደግሞ 120 ብር ያወጣል። የሁለቱ ድምር 360 ብር ሲሆን፣ ለ40 ሊትር ሲካፈል በሊትር 9 ብር ይደርሳል። በመንገድ ለሚፈሰውና በምርመራ ለሚወድቀው ወተት 2 ብር፣ ለማኅበሩ ትርፍ 3 ብር ቢታሰብ የአንድ ሊትር ዋጋ 84 ብር ይሆናል።

ይህ ስሌት ትክክል ይመስላል፤ ነገር ግን አንድ ነገር ተዘንግቷል። ረቡዕና ዓርብ የጾም ቀናት በመሆናቸው፣ ከትንሣኤ በኋላ ካሉት ሃምሳ ቀናት በቀር፣ ወተት የሚጠጣው እንግዳ ጥቂት ነው። ሆቴሉ በእነዚህ ቀናት የሚፈልገው 15 ሊትር ብቻ ነው እንበል። ባጃጁ የሚጠይቀው ገንዘብ ግን አይቀንስም፤ ሠራተኛውም ደመወዙን ይፈልጋል። 360 ብር ለ15 ሊትር ሲካፈል በሊትር 24 ብር ይሆናል። በዚህ ቀን አንዱ ሊትር ማኅበሩን 96 ብር ያስወጣዋል። በ84 ብር ሲሸጥም በእያንዳንዱ ሊትር 12 ብር፣ በቀኑም 180 ብር ይከስራል።

ስለዚህ ስሌቱ በቀን ሳይሆን በሳምንት መሠራት አለበት። በአምስቱ ቀናት 200 ሊትር፣ በሁለቱ የጾም ቀናት 30 ሊትር፣ በድምሩ 230 ሊትር ይቀርባል። የሳምንቱ የማጓጓዣና የሠራተኛ ወጪ 2,520 ብር ነው። ይህ ለ230 ሲካፈል በሊትር 11 ብር ያህል ይሆናል። በዚህም መሠረት ተገቢው ዋጋ 86 ብር ነው። በጾም ቀናት ሳይሸጥ የሚቀረው ወተት እንዲረጋና ቅቤ እንዲወጣው ይደረጋል፤ ቅቤ እንደ ትኩስ ወተት ቶሎ አይበላሽምና።

የ55 ቀኑ ዐቢይ ጾም ግን በሳምንታዊ ስሌት አይሸፈንም፤ ቀኑ ሁሉ የ15 ሊትር ቀን ነውና። ለዚህ ጊዜ ደብዳቤው የተለየ አንቀጽ ሊኖረው ይገባል። ይህ አንቀጽ ያልተጻፈ እንደ ሆነ ማኅበሩ ከሁለት አንዱን ይመርጣል፤ ወይ በየቀኑ ይከስራል፣ ወይም ቃሉን ያፈርሳል።

የርክክቡና የጥራቱ ነገር ተያይዘው ይታያሉ። ያልቀዘቀዘ ወተት በቶሎ ስለሚኮመጥጥ፣ ከታለበ በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ሆቴሉ ማቀዝቀዣ ውስጥ እንዲገባ ያስፈልጋል። «ጥራት ያለው ወተት እናቀርባለን» የሚለው ቃል ግን ምንም አይለካም። ጥራት የሚለካው በምርመራ ነው። ላክቶሜትር የተባለው መሣሪያ በ20 ዲግሪ ሙቀት በንጹሕ የላም ወተት ውስጥ ከ28 እስከ 32 ያህል ያሳያል። ውሃ ከተጨመረበት ቁጥሩ ይወርዳል። ይሁን እንጂ ገና ከላሟ ጡት የወጣ ሞቃት ወተትም ቁጥሩን ዝቅ ስለሚያደርግ፣ የሙቀቱ መጠን ካልታወቀ ንጹሑ ሰው ያለ ጥፋቱ ሊጠረጠር ይችላል። መሣሪያው የማይደርስበት ተንኮልም አለ። ቅባቱ ሲገፈፍ ቁጥሩ ከፍ ስለሚል፣ ቅባቱን ገፎ ውሃ የጨመረ ሰው ቁጥሩን ትክክለኛ ሊያስመስለው ይችላል። መኮምጠጡ ደግሞ በማፍላት ይታወቃል፤ ጥቂት ወተት ሲፈላ ከተቋጠረ አይወሰድም። ምርመራው የሚካሄደው ሁለቱም ወገኖች ባሉበት በርክክቡ ሰዓት ነው፤ ሻጩ ከሄደ በኋላ የሚነሳ ክርክር ፍጻሜ የለውምና።

ከዚህ በላይ የተገለጸው ሁሉ በደብዳቤ ሲጻፍ የሚከተለውን ይመስላል።

ቀን …………

ለ………… ሆቴል ግዥ ክፍል
ደብረ ብርሃን

ጉዳዩ፦ ትኩስ ወተት በየዕለቱ ስለማቅረብ

ማኅበራችን ለሆቴላችሁ ትኩስ የላም ወተት በሚከተለው ሁኔታ ለማቅረብ ዝግጁ መሆኑን በአክብሮት ይገልጻል።

1. በፍስክ ቀናት 40 ሊትር፣ በረቡዕና በዓርብ ጾም 15 ሊትር እናቀርባለን። ዋጋው በሊትር 86 ብር ነው።
2. በዐቢይ ጾም በየቀኑ 15 ሊትር እናቀርባለን። ወተቱን በራሳችን ማጓጓዣ ስናደርስ ዋጋው 99 ብር ይሆናል፤ ሆቴሉ በራሱ መኪና ከወሰደ 86 ብሩ ይጸናል።
3. ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል የታለበው ወተት ክዳን ባለው የአሉሚኒየም ዕቃ ተደርጎ እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ይደርሳል።
4. ወተቱ በርክክቡ ጊዜ ተለክቶና ተመርምሮ ይፈረማል። በምርመራ የወደቀው አይከፈልበትም፤ በዚያው ጠዋት ይተካል።
5. መድኃኒት የተወጋች ላም ወተት የእንስሳት ሐኪሙ ያዘዘው ቀን እስኪያልፍ ከሌላው ጋር አይቀላቀልም።
6. ክፍያው በየ15 ቀኑ ይፈጸማል። ዋጋው ለ6 ወር የጸና ነው፤ የፉርሽካና የፋጉሎ ዋጋ ቢንር ለቀጣዩ ጊዜ የሚጠየቀው ዋጋ ከ30 ቀን በፊት በጽሑፍ ይገለጻል።

ከሰላምታ ጋር
የማኅበሩ ሊቀ መንበር (ፊርማ)

በአራተኛው ተራ ቁጥር የተሰጠውን ቃል ልብ በሉ። 40 ሊትር ከተስማሙ በኋላ 15 ሊትር ያህል በእጅ መቅረቱ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ወተቱን ሁሉ ለመሸጥ የተዋዋለ ማኅበር «ይተካል» ብሎ ሊጽፍ አይችልም፤ የሚተካበት የለውምና።

ጥያቄዎች

1. የዋጋው ስሌት በቀን ሳይሆን በሳምንት የተሠራው ለምንድን ነው?
2. ላክቶሜትር ብቻውን ለጥራት ማረጋገጫ የማይበቃው ስለምንድን ነው?
3. ለአንድ ትምህርት ቤት ዳቦ ለማቅረብ ብትጽፉ በክረምቱ የዕረፍት ወራት ምን ዓይነት አንቀጽ ታክላላችሁ?