ያውቁ ኖሯል? ኤልሲው ሳያበቃ ሰነድዎ ሊዘገይ ይችላል

ሌተር ኦፍ ክሬዲትዎ ሊያበቃ ከአንድ ወር በላይ ቢቀረውም «ሰነድ አዘግይተዋል» ተብለው ክፍያ ሊከለከሉ ይችላሉ። ኤልሲው ሌላ ቀን ካልጠቀሰ፣ ዩሲፒ 600 የተባለው የባንኮች ዓለም አቀፍ ደንብ ለሰነድ ማቅረቢያ የሚሰጥዎ ዕቃው ከተጫነ በኋላ 21 ቀን ብቻ ነው። ቅዳሜና እሁድም ይቆጠራሉ።

ቡና ላኪ ነዎት እንበል። ቢል ኦፍ ሌዲንጉ ላይ የተጻፈው የጭነት ቀን ማርች 1 ነው፤ ኤልሲው የሚያበቃው ኤፕሪል 30። የመጨረሻ ቀንዎ ግን ማርች 22 ነው፤ ሰነዱ ከጂቡቲ እስኪደርስዎም ቀኑ ይሮጣል።

ኤልሲው የማይሻር ወይም የተረጋገጠ መሆኑም ከዚህ አያድንዎትም። «የማይሻር» ነው ሲባል ያለ እርስዎ ፈቃድ አይሰረዝም፣ አይለወጥም ማለት ነው። በዚህ ደንብ የተከፈተ ኤልሲ ቃሉ ባይጻፍበትም የማይሻር ነው። አረጋጋጭ ባንክ ደግሞ በገዢው ባንክ ቃል ላይ የራሱን የመክፈል ግዴታ ይጨምራል፤ ይህን የሚያደርገው ግን በነጻ አይደለም። ሁለቱም ባንኮች የሚገደዱት ሰነዱ በቀኑና እንደ ኤልሲው ቃል ሲቀርብ ነው። ማርች 23 ከሄዱ፣ ቡናው እንከን ባይኖረውም ክፍያዎ በገዢውና በባንኮቹ በጎ ፈቃድ ላይ ይንጠለጠላል።