ሽፋኑ ነው ወይስ ጡንቻው? ትንፋሽን መከታተል

አንድ ታማሚ እናስብ። የ34 ዓመት ገበሬ ነው፤ ከሦስት ዓመት በፊት የቲቢ መድኃኒት ወስዶ ጨርሷል። አሁን ሆዱ በውሃ ተወጥሯል፤ እግሮቹ አብጠዋል፤ ክንዶቹና ፊቱ ግን ከስተዋል። ለወራት የጉበት በሽተኛ ተብሎ ታክሟል። ከሆዱ ውሃ ይቀዳለታል፤ ጥቂት ሳምንት ሳይቆይ ተመልሶ ይሞላል። በመጨረሻ አንድ ሐኪም ከወገቡ በላይ ቀና አድርጎ አስተኛውና አንገቱን አየ። የአንገቱ ደም ሥር እስከ መንጋጋው ድረስ ተወጥሯል። ሕመሙ ከጉበት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ ደም ሥር ብዙውን ጊዜ እንዲህ አይወጠርም። ደሙ ወደ ልብ መግባት አቅቶት ወደ ኋላ ተጠራቅሟል ማለት ነው።

የልብ አልትራሳውንድ፣ ማለትም ኢኮ ተነሣለት። ልቡ በደንብ ይጨመቃል፤ ቫልቮቹም ደህና ናቸው። የታችኞቹ ሁለት ክፍሎች መጠናቸው አልጨመረም፤ የላይኞቹ ግን ሰፍተዋል። ችግሩ ያለው ልብ ደም ሲረጭ ሳይሆን ደም ሲቀበል ነው። ለዚህ ደግሞ ሁለት ተጠርጣሪዎች አሉ። አንደኛው ልብን የሚከበው ስስ ከረጢት፣ ፔሪካርዲየም፣ ጠባሳ ሆኖ ደርቆ ልብን መያዙ ነው፤ ይህ ኮንስትሪክቲቭ ፔሪካርዳይቲስ ይባላል። ሁለተኛው የልብ ጡንቻው ራሱ ደንድኖ መለጠጥ ማቆሙ ነው፤ ይህ ደግሞ ሪስትሪክቲቭ ካርዲዮማዮፓቲ ነው። የመጀመሪያውን ቀዶ ሐኪም ሽፋኑን ገፍፎ ሊያድነው ይችላል። ሁለተኛውን ቀዶ ጥገናው አይጠቅመውም፤ ደረቱን መክፈት ጉዳት ብቻ ነው።

ሁለቱ ልቦች ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው። በሁለቱም የአንገት ደም ሥር ይወጠራል፤ ጉበት ያብጣል፤ ሆድ ውሃ ይቋጥራል። ጀርመናዊው ሐኪም አዶልፍ ኩስማውል በ1873 የተናገረለት ምልክት፣ ታማሚው ትንፋሽ ሲስብ የአንገቱ ደም ሥር በመውረድ ፈንታ መወጠሩ፣ በሁለቱም ይታያል። ልብ ውስጥ ካቴተር አስገብተው ግፊት ሲለኩም ሥዕሉ ይመሳሰላል። ልብ ሲፈታ ግፊቱ ቁልቁል ይወርዳል፤ ወዲያው ሽቅብ ይወጣና ቀጥ ብሎ ይቆማል። በወረቀት ላይ የካሬ ሥር ምልክት ይመስላል። ምክንያቱም በሁለቱም ደሙ በመጀመሪያዋ ቅጽበት ተንደርድሮ ይገባል፤ ከዚያ ቦታው ያልቅበታል። የቀኙና የግራው ክፍል ግፊቶች መቀራረባቸው ለብዙ ዓመታት የሽፋኑ በሽታ መለያ ተደርጎ ሲሠራበት ኖሯል። ይሁንና የጡንቻው በሽታም ይህንኑ ቁጥር ሊሰጥ ስለሚችል ብቻውን ብዙ አይታመንም።

እንግዲህ በቆመ ቁጥር ካልተለዩ በምን ይለያሉ? ታማሚው ሲተነፍስ ቁጥሩ የሚሄድበትን በመከታተል ነው።

ጤነኛ ሰው ትንፋሽ ሲስብ በደረቱ ውስጥ ያለው ግፊት ዝቅ ይላል። ከሳንባ ወደ ግራው የልብ ክፍል ደም የሚያመጡት ሥሮች ደረት ውስጥ ስለሆኑ በእነሱም ያለው ግፊት አብሮ ይወርዳል። ልብም ደረት ውስጥ ነው፤ ሽፋኑ ስስና ለስላሳ ስለሆነ የግፊቱ መውረድ እሱም ዘንድ ይደርሳል። ላኪውና ተቀባዩ እኩል ስለወረዱ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ብዙም አይለወጥም፤ ደሙም እንደ ወትሮው ይፈሳል።

አሁን ሽፋኑ እንደ ከበሮ ቆዳ ደርቋል እንበል። ታማሚው ትንፋሽ ሲስብ በሳንባ ደም ሥሮች ያለው ግፊት ይወርዳል፤ በደረቀው ሽፋን ውስጥ ያለው ልብ ግን ወሬውን አይሰማም። ላኪው ዝቅ ሲል ተቀባዩ ባለበት ይቀራል። ደሙን የሚገፋው ልዩነት ይጠብና ወደ ግራው ክፍል የሚገባው ደም ይቀንሳል። ትንፋሽ ሲወጣ ነገሩ ይገለበጣል፤ ግራው ክፍል በደንብ ይሞላል።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ ይከተላል። ሽፋኑ ስለማይለጠጥ ልብ በጠቅላላ ሊይዝ የሚችለው ደም ተወስኗል። ቀኝና ግራ በአንድ ጠባብ መደብ ላይ እንደተኙ ሁለት ልጆች ናቸው፤ አንዱ ሲዘረጋ ሌላው ይኮራመታል። ትንፋሽ ሲሳብ ግራው ስለጎደለ በመካከላቸው ያለው ግድግዳ ወደ ግራ ይገፋል፤ ቀኙም ባገኘው ቦታ ይሞላል። ትንፋሽ ሲወጣ ግራው ሞልቶ ግድግዳውን ወደ ቀኝ ይመልሰዋል። ልምድ ያለው የኢኮ ባለሙያ ምንም ሳይለካ ይህን የግድግዳ መወዛወዝ በዓይኑ ያያል። እኔ ከምልክቶቹ ሁሉ ይህንን አስቀድማለሁ፤ የበሽታው ምንነት በቀጥታ የሚታይበት እሱ ነውና።

ጡንቻው በደነደነበት ልብ ግን ሽፋኑ ጤነኛ ነው። የደረት ግፊት ሲወርድ ልብም እኩል ይሰማል፤ ስለዚህ ወደ ግራ የሚገባው ደም በትንፋሽ ብዙም አይለዋወጥም። መደቡ ሰፊ ነው፤ ልጆቹ ግን ራሳቸው መዘርጋት አልቻሉም።

በ1989 ሊቭ ሃትል፣ ክሪስቶፈር አፕልተንና ሪቻርድ ፖፕ ይህንኑ ልዩነት በዶፕለር ለክተው አሳዩ። ዶፕለር የደሙን ፍጥነት የሚለካ የኢኮ ክፍል ነው። ወደ ገበሬያችን እንመለስ። ባለሙያው በላይኛውና በታችኛው የግራ ክፍል መካከል ያለውን ሚትራል ቫልቭ አነጣጥሮ፣ የትንፋሹን መስመር ከሥር እያስመዘገበ፣ ልብ እንደተፈታ የሚገባውን ደም ፍጥነት ለካ። ትንፋሽ ሲያስወጣ በሰከንድ 90 ሳንቲ ሜትር ነበር፤ ሲስብ 60 ሆነ። አንድ ሦስተኛ ቀነሰ ማለት ነው። ከ25 በመቶ በላይ ሲሆን ሽፋኑ ይጠረጠራል።

ቀጥሎ የጉበት ደም ሥር ታየ። ገበሬው ትንፋሽ ሲያስወጣ ግራው ሞልቶ ግድግዳውን ወደ ቀኝ ስለሚገፋ ቀኙ ክፍል ይጠባል፤ ሊገባ የመጣው ደም ወደ ጉበት ይመለሳል። በዶፕለሩ ላይም ልብ በተፈታበት ጊዜ ወደ ኋላ የሚሄድ ፍሰት ትንፋሽ ሲወጣ ጎልቶ ታየ። በጡንቻው በሽታ ግን ይህ መመለስ የሚጎላው ትንፋሽ ሲሳብ ነው፤ ብዙ ደም የሚመጣው ያን ጊዜ ነው፤ የደነደነው ቀኝ ክፍል ደግሞ ሊቀበለው አይችልም።

የቀረው የጡንቻው ምርመራ ነው። ቲሹ ዶፕለር የሚለካው ደሙን ሳይሆን ጡንቻው ራሱ በምን ፍጥነት እንደሚፈታ ነው። በገበሬው ልብ፣ በሚትራል ቫልቭ ዙሪያ በመሃሉ ግድግዳ በኩል ያለው ጡንቻ በሰከንድ 13 ሳንቲ ሜትር ሄደ፤ በውጭው ጎን ያለው ግን 10 ብቻ። በጤነኛ ሰው የውጭው ጎን ይበልጣል። እዚህ የተገለበጠው የውጭው ጡንቻ ከደረቀው ሽፋን ጋር ስለተጣበቀ ነው፤ የመሃሉ ግድግዳ ሽፋን ስለማይነካው በነፃነት ይላወሳል። ጡንቻው የታመመ ቢሆን ኖሮ የመሃሉ ቁጥር ራሱ 5 ወይም 6 ላይ ይቀር ነበር። በአሜሪካ ሚኒሶታ የሚገኘው ማዮ ክሊኒክ በ2014 ባሳተመው ጥናት የግድግዳው መወዛወዝ፣ የመሃሉ ፍጥነት 9 ወይም ከዚያ በላይ መሆኑና ትንፋሽ ሲወጣ የሚታየው የጉበት ደም ሥር ምልክት ዋነኞቹ መለያዎች ሆነዋል።

እነዚህ ቁጥሮች ግን የሚሳሳቱበት ጊዜ አለ። ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ወይም አስም ያለበት ሰው አየር ለመሳብ ብዙ ስለሚታገል የደረቱ ግፊት ከመጠን በላይ ይዋዥቃል፤ ሽፋኑ ጤነኛ ሆኖ ሳለ የሚትራሉ ፍሰት ሊለዋወጥ ይችላል። እሱን ለመለየት ከጭንቅላትና ከእጅ ደም ወደ ልብ የሚያመጣው ትልቁ ሥር ይታያል። የሳንባ ታማሚው ትንፋሽ ሲስብ በዚያ ሥር ያለው ፍሰት በጣም ይጨምራል፤ ሽፋኑ በደረቀበት ሰው ግን ብዙም አይለወጥም።

በተቃራኒው ሽፋኑ ደርቆ ሳለ ለውጡ የሚደበቅበት ጊዜ አለ። ታማሚው ውሃ እጅግ ተጠራቅሞበት የግራው የላይኛ ክፍል ግፊት በጣም ከፍ ካለ፣ የትንፋሿ ጥቂት ልዩነት አትታይም። ያኔ ሰውየውን ቁጭ አድርጎ ወይም ራሱን ከፍ አድርጎ እንደገና መለካት ነው፤ የተደበቀው ብዙ ጊዜ ይወጣል። በሽንት መድኃኒት ብዛት የደረቀ ታማሚም ምልክቶቹ ሊጠፉበት ይችላሉ። የልብ ምቱ የተዘበራረቀ ከሆነ ደግሞ የፍሰቱ ለውጥ ከትንፋሹ ይሁን ከምቱ አይታወቅም፤ ያን ጊዜ ረዘም ያለ ጊዜ መመዝገብና የቲሹ ዶፕለሩን የበለጠ ማመን ይሻላል።

ኢኮው ካላጠገበ ካቴተር በሁለቱም የታች ክፍሎች በአንድ ጊዜ ይገባል። አሁን የሚታየው የቆመው ቁጥር ሳይሆን አብረው የሚሄዱበት መንገድ ነው። ገበሬው ትንፋሽ ሲስብ የግራው ክፍል ከፍተኛ ግፊት ከ120 ወደ 108 ወረደ፤ የቀኙ ደግሞ ከ38 ወደ 46 ወጣ። አንዱ ሲወጣ ሌላው ወረደ። ጡንቻው ቢሆን ኖሮ ሁለቱም አብረው በወረዱ ነበር።

ሲቲ ስካን ተነሥቶ ሽፋኑ 3 ሚሊ ሜትር ተገኘ። ጤነኛው አብዛኛውን ጊዜ ከ2 አይበልጥም፤ ወፍሯል የሚባለው ደግሞ 4 ሲያልፍ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ታማሚ ይጎዳል፤ "ሽፋኑ አልወፈረም" ተብሎ ይሸኛልና። ማዮ ክሊኒክ በ2003 ባወጣው ጥናት ቀዶ ጥገና ከተደረገላቸው 143 የሽፋን በሽተኞች 26ቱ ውፍረታቸው ጤነኛ ነበር። ስስ ጠባሳም ልብን ያንቃል። ስለዚህ የገበሬውን ጉዳይ የሚወስነው የ3 ሚሊ ሜትሩ ምስል ሳይሆን ትንፋሹ ነው።

ያው ሰው ለውጡ በትንፋሽ የማይታይ፣ የመሃሉ ፍጥነትም 5 የሆነ ቢሆን ኖሮ መንገዱ ሌላ ነበር። በጡንቻው ውስጥ የተከማቸ አሚሎይድ የሚባል ፕሮቲን ይፈለጋል፤ ወይም በምሥራቅ አፍሪካ፣ በተለይ በኡጋንዳ፣ የታወቀው የልብ ውስጠኛ ክፍል ጠባሳ ይጠረጠራል። አስፈላጊ ከሆነም ከጡንቻው ትንሽ ቁራጭ ተቆርጦ ይመረመራል።

ገበሬው ግን ወደ ቀዶ ጥገና ይሄዳል። ሥራው ቀላል አይደለም፤ የአውሮፓ የልብ ሐኪሞች ማኅበር የ2015 መመሪያ ከቀዶ ጥገናው ጋር የሚያያዘውን ሞት ከ6 እስከ 12 በመቶ ያደርሰዋል። ቀዶ ሐኪሙ ከልቡ ፊትና ጎን፣ ከሥሩም ጭምር፣ የቻለውን ያህል ሽፋኑን ይልጣል፤ ከጡንቻው ጋር የተጣበቀውን ሳይቀድ መለየት ሰዓታት ይወስዳል። ደረቱ ተዘግቶ ሲያገግም ባለሙያው ኢኮውን መልሶ ያነሣል። የሚያየውም ያንኑ የመሃል ግድግዳ ነው፤ ትንፋሽ ሲሳብ አሁንም ወደ ግራ ይገፋ እንደሆነ።